ከአዲስ ግንባታ በፊት የማቆያ አጠቃቀምን መለካት፦ ከጅማ ዞን ሙከራ ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ የቀረበ የፖሊሲ ማጠቃለያ

የእናቶች ማቆያ ከጤና ጣቢያ ርቀው የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበት ቤት ነው። ቢሮው የሚወስነው ጉዳይ ለተጨማሪ ማቆያዎች ግንባታ በጀት መመደብ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው።

በጅማ ዞን ጎማ፣ ሰቃ ጨቆርሳና ቀርሳ ወረዳዎች የተካሄደው ሙከራ 24 የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክፍሎችን በዕጣ በሦስት መድቧል። አንደኛው ቡድን የተሻሻለ ማቆያና የማኅበረሰብ መሪዎች ሥልጠና፣ ሁለተኛው ሥልጠናውን ብቻ ሲያገኝ፣ ሦስተኛው በነበረው አገልግሎት ቀጥሏል። የመጀመሪያው ቡድን ከሦስተኛው ጋር ሲነጻጸር በጤና ተቋም የመውለድ ኦድስ ሬሾ 1.09 ሆኖ፣ የ97.5 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ከ0.67 እስከ 1.75 ነው።

ይህ ወሰን መቀነስንም ከፍተኛ መሻሻልንም በአንድነት ይዟል። ስለዚህ ውጤቱ ማቆያ ከንቱ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቤቱን ማሻሻል ብቻውን ወላዶችን እንደሚያመጣም ማስረጃ አይሆንም። ከዚህ በመነሳት ሦስት ምክረ ሐሳቦች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ ከግንባታ በፊት ያሉት ማቆያዎች አጠቃቀም ይለካ። ለምሳሌ 6 አልጋ ያለው ማቆያ በ30 ቀን 180 የአልጋ ሌሊት አለው። በወሩ 5 እናቶች እያንዳንዳቸው 9 ሌሊት ቢያድሩ ጥቅም ላይ የዋለው 45 ወይም 25 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ቦታ አልጋ መጨመር ችግሩን አይፈታም። ከአልጋ ሌሊቱ ጎን የእናቲቱ ቀበሌ ይመዝገብ፤ ያደሩት በአቅራቢያው ያሉት ብቻ ከሆኑ፣ ማቆያው የታሰበለትን ሩቅ ነዋሪ አላገኘም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ አጠቃቀም በታየበት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በስምንተኛው ወር ከእናቲቱና ከቤተሰቧ ጋር የመውለጃ ዕቅድ ታዘጋጅ። ዕቅዱ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ፣ በማቆያው ምግብ ከየት እንደሚመጣ፣ እናቲቱ በምን እንደምትጓጓዝ ይመልስ። አንዱ ጥያቄ መልስ ካጣ፣ የወረዳው ድጋፍ የሚያስፈልገው በዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ አልጋዎቹ በሚሞሉበት ሥፍራ ማስፋፋቱ በዙር ይሁን፤ ቀድሞ የሚጀምረውም በዕጣ ይለይ። ተራቸውን የሚጠብቁት ጤና ጣቢያዎች ለማነጻጸሪያ ያገለግላሉ።

ውጤቱ ሲመዘን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወርሃዊ ሪፖርት ሽፋን የሚሰላው ከሕዝብ ብዛት ትንበያ በተገኘ የሚጠበቅ ወሊድ ነው። ትንበያው ካነሰ ሽፋኑ ከ100 በመቶ ሊያልፍ፣ ከበዛ ደግሞ ጥሩ ሥራ ደካማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በተመረጡ ቀበሌዎች በዓመቱ የወለዱ እናቶች ቤት ለቤት ተቆጥረው፣ የት እንደወለዱ ይጠየቁ።