የተረፉት 12 ፍሬዎች

በ2001 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ ውስጥ የመድኃኒት ባለሙያ ነበርኩ። ከአምባሰል የምትመጣ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን የፀረ ኤች አይ ቪ ኪኒን ከእኔ ትወስዳለች። 60 ፍሬ ሰጠኋት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለ30 ቀን። (ዛሬ ብዙ ሕፃናት የሚወስዱት በቀን አንዴ ነው።) እሷ ግን ልጁን ይዛ የመጣችው በ48ኛው ቀን ነው።

ብልቃጡን ተቀብዬ ቆጠርኩ። ባዶ መሆን ሲገባው 12 ፍሬ ተርፏል። በ48 ቀን የተዋጠው 48 ብቻ፣ በቀን አንድ ማለት ነው!

«እህቴ፣ ማታ አይሰጡትም እንዴ?»

አቀረቀረች። «ዶክተር፣ እንዲበረክት ብዬ እኮ ነው። የመኪናው ከየት ይምጣ?»

ኪኒኑማ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ነው። እሷ የቆጠበችው የመሳፈሪያውን ብር ነው። እሰፈሯ አጠገብ እንዳትወስድ ጎረቤት ያየኛል ብላ ትፈራለች።

«ልጁ ደህና ነው፣ ይጫወታል» አለችኝ። የሚያታልለው ይኼ ነው። የማታው ሲዘለል መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያንሳል፤ ቫይረሱ ይራባል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ዓይነትም እየበዛ ይሄዳል። ሕመሙ የሚታየው ቆይቶ ነው፤ ያኔ በቀን ሁለት ቢሰጠውም ላይሠራ ይችላል። ይህን በቀስታ ነገርኳት። ብቆጣት ኖሮ በሚቀጥለው የተረፈውን ደብቃ ትመጣ ነበር።

መጠኑ በኪሎ ስለሆነ ልጁን መዘንነው። ከሐኪሙ ጋር ተማክረን ከተረፈው ጋር 120 ፍሬ፣ የሁለት ወር፣ አደረግንላት።

በ58ኛው ቀን መጣች። ብልቃጡን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ። ቆጠርኩ፤ 4 ፍሬ።