ፊት ሲዞርና ሲከለል፦ በፊት ተካ ቪዲዮ ውስጥ ማንነትን ይዞ መቆየት

በቪዲዮ ላይ ፊትን በፊት የሚተካ ሥርዓት በእያንዳንዱ ፍሬም ፊቱን እንደ አዲስ የሚፈልግ ከሆነ፣ ፊቱ በጠፋ ቁጥር የማን እንደነበረም ይጠፋበታል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተለይተው መታየት አለባቸው፦ ሰውየው ማን ነው? ፊቱስ በዚህ ፍሬም ይታያል? የመጀመሪያው መልስ ሳይቋረጥ ይያዛል፤ ሁለተኛው በየፍሬሙ ይታደሳል።

ለምሳሌ በሴኮንድ 25 ፍሬም በተቀረጸ ፊልም የዋናው ተዋናይ ፊት በምትኩ ተዋናይ ላይ ይተካል እንበል። ምትኩ ጀርባውን ሲሰጥ ፊቱ ለ15 ፍሬም፣ ማለትም ለ0.6 ሴኮንድ፣ አይታይም። በዚህ ጊዜ የካልማን ማጣሪያ ከቀደመው እንቅስቃሴ ተነሥቶ የፊቱን ቦታ ይተነብያል። ትንበያው ግን ክትትሉን ለማቆየት እንጂ ፊት ለመሳል አያገለግልም፤ አለበለዚያ ፊቱ ማጅራት ላይ ይለጠፋል። ፊቱን የከለለው እጅ ከሆነ ደግሞ፣ የሚታየውን የፊት ክፍል ብቻ የሚለይ ጭንብል እጁን ሳይነካ ይተወዋል።

ፊቱ ሲመለስ ማንነቱ የሚረጋገጠው የፊት መለያ ቬክተሩን ከቀደመው ጋር በማነጻጸር ነው። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ፍሬሞች የፊቱን ጎን ብቻ ስለሚያሳዩ ተመሳሳይነቱ ዝቅ ይላል፤ ሥርዓቱም ሰውየውን እንደ እንግዳ ሊቆጥረው ይችላል። የስሕተቱ ምልክት የምትኩ እውነተኛ ፊት ለአፍታ ብልጭ ማለቱ ነው። በተቀረጸ ቪዲዮ መፍትሔው ፊቱ ከፊት ለፊት እስኪታይ ጠብቆ ውሳኔውን ወደ ኋላ መመለስ ነው። በቀጥታ ሥርጭት ግን መጠበቅ ስለማይቻል የተተነበየውን ቦታ ማመን ግድ ይላል፤ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉም ፊቱ ወደ ሌላው ሊዘል ይችላል።