አይብ በእሳት ላይ ለምን አይቀልጥም? ሬኔትና አሲድ ወተትን የሚያረጉባቸው ሁለት መንገዶች

በአንድ መጥበሻ ላይ ሞዛሬላና የአገር ቤት አይብ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል ሞዛሬላው ይለሰልሳል፣ ይፈስሳል፣ በሹካ ሲነሣም እንደ ክር ይሳባል። አይቡ ግን ውኃውን ይለቅቃል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ጠርዙ ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም። ሁለቱም የላም ወተት ውጤቶች ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ዋናው ፕሮቲንም ኬሲን ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ወተቱ የረጋበት መንገድ ነው።

ኬሲን በወተት ውስጥ የሚንሳፈፈው በዓይን የማይታዩ ደቃቅ እንክብሎች ሆኖ ነው። የእንክብሎቹን ውስጥ አያይዞ የሚይዘው ካልሲየም ፎስፌት ሲሆን፣ በግንብ ውስጥ እንዳለ ሲሚንቶ ሊታሰብ ይችላል። በላያቸው ላይ ደግሞ ካፓ ኬሲን የተባለው ፕሮቲን እንደ ፀጉር ቆሞ እርስ በርስ እንዲገፋፉ ያደርጋቸዋል። ወተት የሚረጋው ይህ መገፋፋት ሲጠፋ ነው።

ሬኔት ጥንት ከሚጠባ ጥጃ ጨጓራ ይወጣ የነበረ፣ ዛሬ በአብዛኛው በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት የሚመረት ማርጊያ ነው። በውስጡ ያለው ካይሞሲን የተባለ ኢንዛይም እንክብሎቹን የሸፈነውን ፀጉር ይቆርጠዋል። የተላጩት እንክብሎች በካልሲየም አማካይነት ይያያዛሉ፤ ሲሚንቶውም በቦታው ይቀራል። በዚህ መንገድ የተገኘው ግግር እንደ ላስቲክ የሚለጠጥና በቢላዋ ሲቆረጥ ጥርት ብሎ የሚከፈል ነው፤ አጓቱንም እየተኮማተረ ራሱ ያስወጣል።

አሲድ ፀጉሩን አይቆርጥም። የወተት ፒኤች ከ6.6 ገደማ ወደ 4.6 ሲወርድ የእንክብሎቹ ኤሌክትሪካዊ ሙል ይጠፋል፤ ስለዚህ መገፋፋታቸውን ትተው ይሰበሰባሉ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ካልሲየም ፎስፌቱ ሟሙቶ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። የሚቀረው ለስላሳና ተሰባሪ ግግር ነው። አይብም የዚህ ወገን ነው፤ ቅቤው ከወጣለት፣ ቀድሞውኑ ከኮመጠጠ አሬራ ይሠራል፤ በእሳት ላይ ቀስ ብሎ ሲሞቅም ይጠናከራል። እንዲህ ያለው ግግር እንደገና ሲሞቅ የፕሮቲኑ ቅንጣቶች ይበልጥ ይጠባበቃሉ፤ ውኃው ተጨምቆ ይወጣል፤ አንዱ በሌላው ላይ ሊንሸራተት የሚችል ረጅም ሰንሰለት ስለሌለም አይፈስስም።

ከዚህ ተነሥቶ «ሬኔት ያረጋው ሁሉ ይቀልጣል» ማለት ግን ስሕተት ነው። የቆጵሮሱ ሃሉሚ በሬኔት የረጋ ነው፤ ይሁን እንጂ በመጥበሻ ላይ ቅርጹን ሳይለቅቅ ይጠበሳል። ምክንያቱም ግግሩ ሳይኮመጥጥ በትኩስ አጓት ውስጥ ስለሚቀቀል ሲሚንቶው ሙሉ በሙሉ በውስጡ አለ፤ መረቡም እንዳይንቀሳቀስ አጥብቆ ይይዘዋል። ሞዛሬላ በሁለቱ መካከል ይገኛል። በሬኔት ከረጋ በኋላ ፒኤቹ ወደ 5.2 አካባቢ እስኪወርድ ይኮመጥጣል። በዚህ ደረጃ ከካልሲየሙ ከፊሉ ወጥቷል፤ መረቡ ሳይበጠስ ላልቷል። በሙቅ ውኃ ሲታሽ ቃጫዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ የመሳቡ ምሥጢርም ይኸው ነው። ከ5 በታች ከወረደ ግን ግግሩ የአይብን ጠባይ ይይዝና ይፈረፈራል።

ይህን በቤት ውስጥ መመልከት ይቻላል። ለ4 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ወተት አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ በውኃ ሟሙቶ ይጨመርበታል። ወተቱ ወደ 32 ድግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ የተለካ ሬኔት በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሳይነኩ መተው ነው። ቢላዋ ገብቶ ሲወጣ ስንጥቁ ጥርት ካለና የወጣው አጓት ከጠራ ረግቷል፤ አጓቱ ወተት ከመሰለ ጊዜ ይቀረዋል። የተቆረጠው ግግር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ይጠለላል፤ ከዚያም ትንሽ ቁራጭ በ80 ድግሪ ገደማ ውኃ ውስጥ ነክሮ በማንኪያ መሳብ ነው። የሚያብረቀርቅ ሆኖ ከተሳበ ደርሷል። እንደ ጎማ ጠንክሮ በአጭሩ ከተቆረጠ አሲዱ አንሶታል፤ ውኃው ውስጥ ከተበተነ በዝቶበታል። ወተቱ በባክቴሪያ ሳይሆን በሲትሪክ አሲድ ሲኮመጥጥ ግግሩ በ5.6 አካባቢም ይሳባል፤ ሲትሪክ አሲድ ካልሲየምን ራሱ ይዞ ያወጣልና።

ብዙዎችን የሚያሳዝነው ውድቀት የሚመጣው ከወተቱ ነው። በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሱቆች ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚቆየው፣ በከፍተኛ ሙቀት የታከመው ወተት በሬኔት በደንብ አይረጋም። ሙቀቱ የአጓቱን ፕሮቲን ከካፓ ኬሲኑ ጋር ስላጣበቀው ኢንዛይሙ ሥራውን በወጉ አይሠራም፤ እንክብሎቹም በቀላሉ አይያያዙም። ውጤቱ የማይቆረጥ ልል ፍትፍት ነው። ያው ወተት በሎሚ ወይም በኮምጣጤ በእሳት ላይ ሲረጋ ግን ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ለሞዛሬላ ያልሆነው ጠርሙስ አይብ መሰል ግግር ለመሥራት ሊውል ይችላል።