የአልጋ ቁስል በየቀኑ እየታጠበ ለምን አይድንም?

በቅርቡ አንዲት ልጅ በስትሮክ ምክንያት ሁለት ወር የተኙ እናቷን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ከወገባቸው በታች፣ ጭራ አጥንቱ ላይ፣ የቡና ስኒ አፍ የሚያክል ቁስል አለ። “ዶክተር፣ በቀን ሁለቴ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጥቤ በደረቅ ጎዝ እሸፍነዋለሁ፤ ለምን አይድንም?” አለችኝ። ጎዙን ስታነሳ ቁስሉ ደማ። ችግሩ እዚያው ታየኝ።

ቁስል የሚድነው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ደሙ ይቆማል። ቀጥሎ ለጥቂት ቀናት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ፈሳሽ ያወጣል፤ ሰውነት የሞተውን ሥጋና ጀርሙን እያጸዳ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ከሥሩ ቀይ፣ እርጥብ፣ ጥቃቅን እብጠት ያለው አዲስ ሥጋ ይበቅላል፤ ቆዳም ከዳር ወደ መሃል ይሳባል። መጨረሻ ላይ ጠባሳው ይጠነክራል፤ ይሄ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። እንደ ድሮው ቆዳ ግን አይሆንም፤ ስለዚህ የዳነ ቦታ ላይ ብዙ ማስተኛት ቁስሉን መልሶ ይከፍተዋል።

የእኚህ እናት ቁስል ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አዲሱ ሥጋ ደረቁ ጎዝ ላይ ይጣበቅና ሲነሳ አብሮ ይቀደዳል። ፐርኦክሳይዱም ጀርም ብቻ ሳይሆን አዲሱንም ሥጋ ይጎዳል። በየቀኑ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ታዲያ ምን አደረግን? ማጠቢያውን በኖርማል ሳላይን ቀየርን። ከሌለ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፤ አቀዝቅዛችሁ በዚያው ቀን ተጠቀሙበት። ቁስሉ ላይ ቫዝሊን የተነከረ ጎዝ፣ ከላዩ ደረቅ ጎዝ አደረግን። ከተጣበቀ አይጎተትም፤ በሳላይን አርሳችሁ ጠብቁት።

ይሄ ግን ለቀይና ፈሳሹ ትንሽ ለሆነ ቁስል ነው። ሽፋኑ ቶሎ ቶሎ ከረጠበ፣ ወይም የቁስሉ ዳር ውሃ ውስጥ እንደቆየ ጣት ነጥቶ ከተሸበሸበ፣ እርጥበቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ፈሳሽ የሚመጥ እንደ ፎም ያለ ሽፋን ይሻላል። ጎድጓዳ ከሆነም ጎዙን ላላ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ጠቅጥቆ መሙላት ራሱ ጫና ነው። ቢጫ ሆኖ የተጣበቀ የሞተ ሥጋ ካለ በባለሙያ መነሳት አለበት፤ እሱ እስካለ የትኛውም ውድ ድሬሲንግ አይሠራም። ተረከዝ ላይ ያለ ደረቅ፣ ጥቁርና ያልተነቃነቀ ቅርፊት ግን በተቃራኒው ነው፤ አትንኩት፣ አታርሱት፣ ተረከዙን ብቻ ከፍራሹ አንሱለት።

ድሬሲንጉ ብቻውንም አልበቃም። ልጅቷ በየሁለት ሰዓቱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጀርባቸውን በትራስ ደግፋ በትንሹ እያዘነበለች ታገላብጣቸው ጀመር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቁስሉ ዳር ወደ ውስጥ ገብቶ ሮዝ ቆዳ አውጥቷል።

ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ዙሪያው ያለው መቅላት ከሰፋ ወይም አጥንት ከታየ ግን ቤት ውስጥ አትቆዩ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው።