የትኋን፣ የቁንጫና የትንኝ ንክሻ፦ ቦታው ስለ ተባዩ፣ ሰዓቱ ስለ ተነካሹ

በቆዳው ላይ ያየው እብጠት የየትኛው ተባይ ሥራ እንደ ሆነ ለመለየት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምልክቶችን ይመለከታል፤ እነርሱም የንክሻዎቹ አሰላለፍ፣ ያረፉበት የሰውነት ክፍልና ማሳከክ የጀመረበት ሰዓት ናቸው። ሦስቱ ምልክቶች ግን ምንጫቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተባዩ ወደ ሰው የሚደርስበትን መንገድ ሲያመለክቱ፣ ሦስተኛው በዋናነት የሚመነጨው ከተነካሹ ሰውነት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት በምርመራ ላይ የሚያስከትለውን ስሕተት ማሳየት ነው።

ትኋን ክንፍ የለውም፤ አይዘልምም። ከፍራሽ ስፌት ወይም ከግድግዳ ስንጥቅ ወጥቶ በእግሩ እየሄደ የተኛውን ሰው ያገኛል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚነክሰው ሳይሸፈን ያደረውን ቆዳ፣ ማለትም ፊትን፣ አንገትንና ክንድን ነው። ጠግቦ እስኪለቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። በዚህ መካከል ሰውየው ቢገላበጥ ወይም ተባዩ ምቹ የደም ሥር ቢያጣ፣ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይነክሳል፤ እብጠቶቹ በመስመር ተደርድረው ወይም ተሰባስበው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቁንጫ ከወለል ላይ ስለሚዘል በቅድሚያ የሚያገኘው ቁርጭምጭሚትንና ባትን ነው። ልብስ ውስጥ ከገባም መቀነት ወይም ቀበቶ የሚያጠብቀው ቦታ ላይ ይነክሳል። ምልክቱ ትንንሽና የተሰባሰበ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ መካከሉ ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ነጥብ ይታያል። ትንኝ በአንጻሩ በርራ ስለምትመጣ ንክሻዋ በአብዛኛው ነጠላና የተበታተነ ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ ደጅ የተቀመጠን ሰው አዘውትራ የምትነክሰው ከጉልበት በታች ነው። ስለዚህ እግር ላይ የታየ ንክሻ ሁሉ የቁንጫ ነው ሊባል አይችልም።

ማሳከክን የሚያስነሣው ቀዳዳው ሳይሆን፣ ሰውነት ለተባዩ ምራቅ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው። ኬኔዝ ሜላንቢ በ1946 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በትንኝ ደጋግሞ የተነከሰ ሰው በአምስት ደረጃዎች ያልፋል። መጀመሪያ ምንም ምላሽ የለም፤ ቀጥሎ የዘገየ ምላሽ ብቻ ይታያል፤ ከዚያ ፈጣኑና የዘገየው አብረው ይመጣሉ፤ በኋላ ፈጣኑ ብቻ ይቀራል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ይጠፋሉ። ብዙ ሰው የትንኝ ንክሻ በደቂቃዎች ውስጥ አብጦ በማግስቱ እንደገና ሲያሳክከው የሚያየው በሦስተኛው ደረጃ ላይ ስላለ ነው። የቁንጫ ንክሻም አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ያሳክካል። የትኋን ንክሻ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነከሰ ሰው ላይ ከሳምንት በላይ ዘግይቶ ሊታይ ይችላል፤ ንክሻው ሲደጋገም ይህ ጊዜ እያጠረ ይሄዳል።

ለምሳሌ በአንድ የማደሪያ ክፍል ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎችን እንውሰድ። አንደኛው ከዚህ በፊት በትኋን ተነክሶ አያውቅም። ክፍሉ በገባ በ10ኛው ቀን፣ ቀደም ብሎ ለመስክ ሥራ ወደ ሄደበት ቆላማ ከተማ በደረሰ ማግስት፣ ክንዱ ላይ አራት እብጠቶች በመስመር ያገኛል። ሰዓቱን ብቻ ቢከተል ጥፋቱን በመስክ ማረፊያው ትንኝ ላይ ይጥላል። የክፍል ጓደኛው ምንም ምልክት ስለሌለበትም ክፍሉን አይጠረጥርም። ነገር ግን በመስክ ማረፊያው ያደረው ቀዳዳ በሌለው አጎበር ውስጥ ነው፤ እብጠቶቹም የተበታተኑ አይደሉም። ጓደኛውም ከነጭራሹ ምላሽ የማይሰጥ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ትናንት የት አደርክ?» ሳይሆን «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት የት አደርክ?» መሆን ይገባዋል።

መልሱም የሚረጋገጠው በቆዳ ላይ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ነው። ትኋን ካለ በፍራሹ ስፌትና በአልጋው መጋጠሚያ ላይ ጥቋቁር የኩስ ነጠብጣቦች፣ የተገፈፉ ቅርፊቶችና 5 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ተባዮች በባትሪ ብርሃን ይታያሉ። ቁንጫ ከተጠረጠረ ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበት ስቦ ወለሉ ላይ መመላለስ ተባዩን በዓይን ለማየት ያስችላል። ከድመት ወይም ከውሻ ፀጉር የተበጠረ ጥቁር ብናኝ በርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ቀይ ቀለም ከለቀቀም ደም የያዘ የቁንጫ ኩስ ነው። እነዚህ ሳይፈተሹ በእብጠቱ ብቻ ተመርኩዞ መድኃኒት መርጨት፣ ትኋኑን በፍራሹ ውስጥ ትቶ አየሩን እንደ ማከም ይቆጠራል።