«ይሸጣል» በፈረንሳይኛ፦ የተገብሮ ግስና ተተኪዎቹ

«በአቀስታ ገበያ በግ ይሸጣል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሻጩን አይጠቅስም። የተገብሮ ምልክቱ «ተ» በ«ሸ» ተውጦ ፊደሉን ያጠብቀዋል። አማርኛ ይህን አንድ ቅርጽ ለብዙ አገባብ ሲጠቀም ፈረንሳይኛ ግን ሥራውን ለሦስት ቅርጾች ያከፋፍላል። ይህ ጽሑፍ የሦስቱን ድንበር ይመረምራል፤ ምሳሌዎቹ እንደ ድምፃቸው በግእዝ ፊደል ተጽፈዋል።

የመጀመሪያው «ኤትር» በተባለው ረዳት ግስ የሚመሠረተው ተገብሮ ነው። «ሌ ሙቶን ሶን ቫንዱ» ብቻውን ሲነገር ሰሚው «በጎቹ ተሸጠዋል፤ አልቀዋል» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ምክንያቱም እንደ መሸጥ ያለ ፍጻሜ ያለው ግስ በአሁን ጊዜ ተገብሮ ሲሆን ከድርጊቱ ይልቅ ውጤቱን ያጎላል። ድርጊት ፈጻሚው በ«ፓር» ሲጠቀስ ወይም ጊዜው ኃላፊ ሲሆን ግን ይህ ብዥታ ይወገዳል፦ «ለ ሙቶን አ ኤቴ አሽቴ ፓር አን ማርሻን» ማለት «በጉ በአንድ ነጋዴ ተገዛ» ነው።

ልማድን ለመግለጽ የሚስማማው «ሌ ሙቶን ስ ቫንድ ኦ ማርሼ» ነው። በዚህ ቅርጽ ሻጭ እንዳለ ይታወቃል፤ በዛሬው ፈረንሳይኛ ግን በ«ፓር» ሊጠቀስ አይችልም። ባለቤቱ ሰው ሲሆን ደግሞ ትርጉሙ ይለወጣል። «ልጁ ታጠበ» በአማርኛ ራሱን ማጠቡንም በሌላ ሰው መታጠቡንም ሊያመለክት ሲችል «ላንፋን ሴ ላቬ» የሚያመለክተው ራሱን ማጠቡን ብቻ ነው። እናቱ ካጠበችው «ኦን አ ላቬ ላንፋን» ማለት ይቻላል።

ይህ «ኦን» የመጣው «ሰው» ከሚለው የላቲን ቃል «ሆሞ» ነው፤ በአማርኛም «ሰው ምን ይላል?» ስንል «ሰው» ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ስለዚህም «ኦን» ሁልጊዜ ሰብአዊ ፈጻሚን ይጠይቃል፤ ጎርፍ ላፈረሰው ቤት አይሆንም። በንግግር «እኛ» ማለትም ስለሆነ «ኦን ቫን ዴ ሙቶን» ከነጋዴ አፍ ሲወጣ «በግ እንሸጣለን» ተብሎ ይተረጎማል።

«ኦን» ግዴታ ሊባል የሚቀርበው «ገንዘብ ተሰጠኝ» በሚለው ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው። በፈረንሳይኛ ተቀባዩ የ«መስጠት» ተገብሮ ባለቤት ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የተለመደው አነጋገር «ኦን ማ ዶኔ ደ ላርዣን» ነው።

እንግዲህ ተርጓሚው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው «ግሱ ተገብሮ ነውን?» ብሎ አይደለም፤ ፈጻሚው ይጠቀሳልን? ሰው ነውን? የሚነገረው ልማድ ነው ወይስ አንድ ክስተት? ብሎ ነው።