ከሰፈፍ እስከ ቅኔ ማኅሌት፦ ተቀምጦ የሚሠራ የጧፍ ሥራ

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ በሚገኙ አጥቢያዎች ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። በአንድ ወገን ቤተ ክርስቲያኗ ለኪዳን፣ ለማኅሌትና ለቅዳሴ የሚበራውን ጧፍና ሻማ ከገበያ ትገዛለች። በሌላ ወገን እግሩ የማይታዘዝለት፣ እጁ ግን ጤነኛ የሆነ ምእመን ከቤቱ ሳይወጣ ይውላል፤ ወይም በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ምጽዋት ይጠብቃል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ሁለቱ እንዴት ሊገናኙ እንደሚችሉ እንመለከታለን። የመረጥነው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እርሱም ከንጹሕ ሰም ጧፍ መሥራት ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሥራው በመቀመጥ የሚከናወን፣ ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅና ገዢው በቅርብ ያለ በመሆኑ ነው።

ሰሙ ከየት ይገኛል?

በአገራችን ማር በብዛት የሚውለው ለጠጅ ነው። ጠጁ ሲጠለል የሚቀረው ሰፈፍ ሰሙን እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ በጎንደር ከተማ የመጀመሪያው የሰም ምንጭ ጠጅ ቤቱና ጠጅ የምትጥለዋ እናት ናቸው። በከፍተኛው ደጋ ብርዱ ለንብ ስለማይመች ሰሙ ከወይና ደጋውና ከቆላው ከሚመጡ ነጋዴዎች ይገዛል። ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር በመሆኑ የዓመቱን ሰም መግዛት የሚገባው በዚያን ጊዜና በተከታዮቹ ሳምንታት ነው።

ሰፈፉ በብዙ ውሃ ይፈላል፤ ከዚያም ትኩስ እንዳለ በንጹሕ ጆንያ ወይም በሳሳ ጨርቅ ተጨምቆ ይጣራል። ሰም ከውሃ ስለሚቀልል ከላይ ይንሳፈፋል። ዕቃው ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ሰሙ እንደ ቂጣ ይረጋል፤ ከበታቹ የተጣበቀው ጥቁር ዝቃጭም በቢላዋ ይፋቃል። ይህን ሁለት ጊዜ መደጋገም ይገባል። ዕቃው አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፤ የሚዝግ ብረትና መዳብ ሰሙን ያጠቁሩታልና።

ከነጋዴ የሚገዛ ሰም አንዳንድ ጊዜ በሞራ ወይም በፓራፊን የተቀላቀለ ይሆናል። ንጹሕ ሰም ሲሰበር ስብራቱ ሻካራና ደብዛዛ ነው፤ የማር ሽታ አለው፤ በመዳፍ ሲያዝም እየለሰለሰ ይሄዳል። ሞራ የገባበት ሲሞቅ በሽታው ይታወቃል፣ ጣትንም ያቀባል። ፓራፊን የበዛበት ግን ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍና ሽታው የደበዘዘ ነው። በተቀመጠ ሰም ላይ የሚወጣው ነጭ አመድ መሰል ነገር ግን ሻጋታ አይደለም። ከሰሙ ከራሱ የሚወጣ ስለሆነ በጨርቅ ሲታሽ ወይም ሲሞቅ ይጠፋል።

እሳቱን ከሠሪው መለየት

በዚህ ሥራ ውስጥ አደጋ ያለበት ክፍል ማቅለጡ ነው። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ስለዚህ በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አያስፈልግም፤ ውሃ በያዘ ትልቅ ድስት ውስጥ ሰሙን የያዘውን ትንሽ ድስት ማስቀመጥ ይበቃል። በደባርቅ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ቢሆንም ለሰም ከበቂ በላይ ነው። በቀጥታ እሳት የተጣደ ሰም ግን ይጠቁራል፤ ከመጠን በላይ ከጋለም ይቀጣጠላል። ከእሳት ፈጥኖ መሸሽ ለማይችል ሰው ይህ ከባድ አደጋ ነው።

ስለዚህ ማጣራቱንና ማቅለጡን የቤተ ሰቡ አባል ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በደጅ ይፈጽሙ። ተቀምጦ የሚሠራው ሰው የሚረከበው የረጋ ሰምና ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይሁን። በተለይ በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት እግሩ ስሜት የሌለው ሰው ሙቅ ዕቃ በጭኑ ላይ ፈጽሞ ማስቀመጥ የለበትም፤ ቢቃጠል እንኳ አያውቀውምና። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ከሥሩ ወፍራም ትራስ አድርጎ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ በእጆቹ ተደግፎ መቀመጫውን ማሳረፍ ይገባዋል። ሥራው ሲመስጠው ይህን ከረሳ የሚያገኘው ቁስል ለወራት ከአልጋ ሊያውለው ይችላል። በሥጋ ደዌ ወይም በሌላ ሕመም የጣት ስሜቱ የጠፋ ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ ቢፈለግለት ይሻላል።

አሠራሩ

ፈትሉ ንጹሕ የጥጥ ክር ይሁን። ናይሎን የተቀላቀለበት ክር እየቀለጠ ነበልባሉን ያጠፋል። በእንዝርት የተፈተለ ክር ሦስት እጥፍ ሆኖ ይከርራል፤ በቀለጠ ሰም ተነክሮ ቀጥ ተደርጎ ይሰቀላል፤ ሲደርቅም ከጧፉ ጥቂት በሚረዝም ልክ ይቆረጣል። ከባዘቶ ጀምሮ መፍተሉን የሚያውቅ ሰው ይህንም ተቀምጦ ይሠራዋል።

ለአብነት 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጧፍ እንውሰድ። ይህ ጧፍ 8 ግራም ያህል ሰም ይፈልጋል። ሰሙ ተመዝኖ በየ8 ግራሙ ይከፋፈላል፤ እስኪለሰልስ ድረስ ገላ መታጠቢያ ያህል በሞቀ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ከወጣ በኋላ በጨርቅ በደንብ ይደርቃል፤ በመዳፍም ይታሻል። በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ እንደ ቀጭን መቀነት ተዘርግቶ ፈትሉ በመካከሉ ይጋደማል፤ ሰሙ ይታጠፍበታል፤ ከዚያም በሌላ ትንሽ ጣውላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንከባለለ እኩል ይሆናል። በደጋው ማለዳ ሰሙ ስለሚሰነጠቅ ሥራውን ረፋድ ላይ ፀሐይ በምትገባበት ቦታ መጀመር ይሻላል።

ከእያንዳንዱ ቀን ሥራ አንዱን አብርቶ ማየት ያስፈልጋል። ጧፉ ከተንጣጣ ውሃው ሳይደርቅ ተጠቅልሏል ማለት ነው። ነበልባሉ አንሶ በቀለጠው ሰም ውስጥ ከሰጠመ ፈትሉ ቀጥኗል። ጢሱና ጠብታው ከበዛ ፈትሉ ወፍሯል። በአንድ ወገን ብቻ ከቀለጠ ፈትሉ ከመካከል ወጥቷል። የተበላሸው አይጣልም፤ ተመልሶ ይቀልጣል።

የአንዲት እኅት ስሌት

በጎንደር በአንድ አጥቢያ በልጅነቷ በፖሊዮ ምክንያት መቆም ያልቻለች እኅት ይህን ሥራ ስትጀምር አብረናት አስልተናል። የሰም ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አንባቢ የራሱን አካባቢ ዋጋ ይተካ፤ እዚህ ግን ለስሌት እንዲመች ክብ ቁጥሮችን እንጠቀማለን።

1 ኪሎ ግራም ሰም 800 ብር፣ ለክርና ለከሰል 80 ብር፣ በድምሩ 880 ብር ወጪ ነው እንበል። ከአንድ ኪሎ በየ8 ግራሙ 125 ጧፍ መውጣት ቢኖርበትም፣ በማጣሪያውና በጣውላው ላይ የሚቀረው ሲቀነስ 115 ያህል ይገኛል። አንዱ በ10 ብር ቢሸጥ 1150 ብር ይገባል፤ ለእርሷ የሚተርፈው 270 ብር ነው። በቀን 40 ያህል ስለምትሠራ ይህ የሦስት ቀን ድካም ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ገዢው እንመለስ። አጥቢያው በቀን 10 ጧፍ የሚያበራ ከሆነ በወር 300 ይፈልጋል። ከዚህም ለእርሷ የሚተርፈው 700 ብር ገደማ ነው። ሥራው ስምንት ቀን እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አንድ አጥቢያ አንድን ሰው ይደግፋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስተዳድርም። ሦስት አጎራባች አጥቢያዎች ቢተባበሩ፣ በዚያም ላይ ምእመናን ለስለት፣ ለክርስትናና ለትንሣኤ ሌሊት የሚገዙት ቢጨመር፣ ለአንዲት ሠራተኛ የወር ሥራ ይሞላል። ከጥር 11 ቀን በፊትና በዐቢይ ጾም መጨረሻ ፍላጎቱ ስለሚጨምር አስቀድሞ ሠርቶ ማከማቸት ይገባል። ጧፍ ከፀሐይ፣ ከአቧራና ከአይጥ ተጠብቆ ከተቀመጠ አይበላሽም።

እኛ ራሳችን የተሳሳትነው በዚህ ላይ ነበር። ቀደም ሲል በአንድ ወረዳ ሃያ ሰዎችን በአንድ ጊዜ አሠለጠንን፤ ለእያንዳንዳቸውም ሰም ሰጠን። ጧፉ በደንብ ተሠራ፤ ነገር ግን የአካባቢው አጥቢያዎች በወር ምን ያህል እንደሚገዙ አስቀድመን አልጠየቅንም ነበር። ገዢ ያጣው ጧፍ በየቤቱ ተከመረ፤ ሰሙም እንደገና ቀልጦ በርካሽ ተሸጠ። ሠልጣኞቹ ሙያውን ተማሩ እንጂ ገቢ አላገኙም። ስለዚህ ሥልጠናው የሚጀምረው ከሰም ሳይሆን ከአጥቢያው የወጪ መዝገብ ነው እንላለን።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ሰበካ ጉባኤው በመጀመሪያ ካለፉት አሥራ ሁለት ወራት መዝገብ ለጧፍና ለሻማ የወጣውን ገንዘብና ብዛት ይቁጠር። በሚገኘው ቁጥር መሠረት ስንት ሰው ሊሠራ እንደሚችል ይወስን።

ሁለተኛው የዋጋ ስምምነት ነው። ከላይ ባየነው ስሌት የአንድ ኪሎ ሰም ዋጋ ከ800 ወደ 1000 ብር ቢወጣና የጧፉ ዋጋ ባይለወጥ፣ ለእኅታችን የሚተርፋት 270 ብር ወደ 70 ብር ይወርዳል። መውጣትና ገበያ ማማረጥ ለማይችል ሰው ይህን ሸክም ማሸከም ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ሰሙን አጥቢያው ራሱ በኅዳር ገዝቶ ቢያስቀምጥና ለሠሪዋ በእያንዳንዱ ጧፍ የእጅ ዋጋ ቢከፍል የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ሚዛን ካለ ሒሳቡም ግልጽ ነው፤ የተሰጠው ሰም ክብደት፣ ከተመለሰው ጧፍና ፍርፋሪ ክብደት ጋር ይነጻጸራል። ትንሹ ልዩነት በሥራ የባከነ ነው፤ ልዩነቱ ከሰፋ በጊዜው ይጠየቃል።

ሦስተኛው ማመላለስና ክፍያ ነው። ሰሙን የሚያደርስ፣ ጧፉን የሚረከብ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ ገንዘቡም በርክክቡ ዕለት ይከፈል። «ለበዓል እንከፍላለን» የሚባል ነገር ሥራውን ወደ ምጽዋት ይመልሰዋል። ክፍያው በራሷ እጅ ወይም በራሷ የባንክ ደብተር ይግባ፤ በዘመድ በኩል ሲሄድ ከመንገድ የሚቀር እንዳለ በሥራችን አይተናል።

የሚቀጥለው እትም እስኪደርሳችሁ ድረስ ቄሰ ገበዙና የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹም አንድ ላይ ተቀምጠው የአጥቢያችሁን የወር ጧፍ ብዛት በአንድ ወረቀት ላይ ቢጽፉ፣ በዚያው ወረቀት ጀርባም ተቀምጦ ለመሥራት የሚችለውን ምእመን ስም ቢያሰፍሩ፣ የመጀመሪያው ሥራ ተከናውኗል።